አንድ የፊት ብረት፣ ሁለት ቁጥር፦ ሳቦትና ሂት ታንክን የሚበሱበት መንገድ

ጥያቄ፦ «ሰላም ኢንጂነር። የታንክ ጌም እጫወታለሁ። ቲ-72 ላይ ሳነጣጥር ጌሙ ለአንዱ የፊት ብረት KE እና CE ብሎ ሁለት ቁጥር ያሳየኛል። አንድ ብረት እንዴት ሁለት ውፍረት ይኖረዋል? ሳቦት ደግሞ ርቀት ሲጨምር ይደክማል፤ ሂት ግን በ200 ሜትርም በ2 ኪሎ ሜትርም ያው ነው። ታዲያ ሁልጊዜ ሂት ብጭን ምን ይጎዳኛል?»

ሰላም ወንድሜ። ሁለቱም ቁጥሮች ውፍረት አይደሉም። ጌሙ የሚነግርህ «ይህን ዓይነት ጥይት ለማስቆም ስንት ሚሊሜትር ተራ የታንክ ብረት ያስፈልግ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ነው። KE የሚለው ለሳቦት፣ CE የሚለው ለሂት ነው። ሁለቱ ጥይቶች ብረቱን የሚበሱት በተለያየ መንገድ ስለሆነ መልሱም ይለያያል። ለምን እንደሚለያይ ከገባህ የቀረው ጥያቄህ በዚያው ይመለሳል።

ከሳቦት እንጀምር። ከመድፉ አፍ ሲወጣ ወፍራም የሚመስለው ጥይት አብዛኛው አካሉ ከአፈሙዙ እንደወጣ ተከፍቶ የሚወድቅ መያዣ ነው። ወደ ታንኩ የሚደርሰው መሀል ላይ ያለው ቀጭን ዘንግ ብቻ ነው፤ ከኋላው ትናንሽ ክንፎች አሉት፣ ፈንጂ የሚባል ነገር ግን የለውም። እ.ኤ.አ. በ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት የአሜሪካ ኤብራምስ ታንኮች የተኮሱትን ኤም829ኤ1 ውሰድ። ዘንጉ ከተመናመነ ዩራኒየም የተሠራ ነው፤ ርዝመቱ ወደ 68 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከምናምን፣ ክብደቱ ወደ 4.6 ኪሎ ነው። ከመድፉ የሚወጣው በሰከንድ ወደ 1,575 ሜትር ነው። ክብደቱን በፍጥነቱ ካሬ አባዝተህ ለሁለት ብታካፍል 5.7 ሚሊዮን ጁል ይመጣልሃል። ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ ዘንጉ ሹል ስለሆነ እንደሚወጋ ያስባል። የጫፉ ሹልነት ለአየር እንጂ ለብረቱ ብዙም አይጠቅምም። ብረቱን ሲነካ ጫፉ ወዲያው ይጨፈለቃል፤ ከኋላው ያለው ዘንግ እየገፋው ይቀጥላል። ብረቱ ወደ ጎን እየተገፋ ጉድጓድ ይከፈታል፣ ዘንጉም ከፊቱ እየተበላ ያጥራል። ማን ያሸንፋል የሚለው የሚወሰነው ዘንጉ ቀድሞ ያልቃል ወይስ ብረቱ በሚለው ነው። ሠሪዎቹ ዘንጉን በየጊዜው እያስረዘሙ የመጡት፣ ከብረት ይልቅ ተንግስተን ወይም ዩራኒየም የመረጡትም ለዚህ ነው።

ፍጥነት ሲቀንስ ይህ ሥራ ይዳከማል። የዘመናችን ቀጭን ዘንግ በአየር ላይ ብዙም አይጎተትም፤ በየኪሎ ሜትሩ የሚያጣው ከ50 እስከ 60 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ነው። በ1,700 የወጣ ዘንግ 2 ኪሎ ሜትር ላይ በ1,580 ይመታል እንበል፤ ፍጥነቱ የቀነሰው 7 በመቶ ቢሆንም ጉልበቱ 14 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ጌሙ ላይ ቁጥሩ ቀስ እያለ የሚወርደው ከዚህ የተነሳ ነው። ርቀት ሳቦትን ይቀንሰዋል እንጂ አይገድለውም።

ሂት ሌላ ፍጥረት ነው። ጉልበቱን ከመድፉ አይወስድም፣ በሆዱ ተሸክሞት ይሄዳል። ከፊቱ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ አፉን ወደ ፊት ያደረገ የመዳብ ሾጣጣ፣ ከሾጣጣው ኋላ ፈንጂ አለው። አፍንጫው ዒላማውን ሲነካ ፈንጂው ከኋላ ይነሳል፤ ግፊቱ የሾጣጣውን ግድግዳ ከየአቅጣጫው ወደ መሀል ያጋጨዋል። ከውስጠኛው ገጽ የተጨመቀው መዳብ ቀጭን ጅረት ሆኖ ወደ ፊት ይፈተለካል። የጅረቱ ራስ በሰከንድ 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ጭራው ግን 2 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ራሱ ከጭራው ስለሚቀድም ጅረቱ እየሄደ ይለጠጣል፣ እየተለጠጠም ይቀጥናል። አብዛኛው መዳብ ግን ወደ ጅረቱ አይገባም፤ ተጨፍልቆ ከኋላ ቀስ ብሎ የሚከተል ድብልብል ጉማጅ ሆኖ ይቀራል፣ በመብሳቱም ድርሻ የለውም።

እዚህ ላይ ጌም ተጫዋቾች መካከል የማይጠፋ ወሬ አለ፤ ሂት ብረቱን በእሳት አቅልጦ ይገባል የሚል። አያቀልጥም። ጅረቱ ራሱ እንኳ አልቀለጠም፤ መዳብ የሚቀልጠው ከ1,080 ዲግሪ በላይ ሲሆን የጅረቱ ሙቀት ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ጠጣር መዳብ ነው፣ ነገር ግን ግፊቱ ከመጠን በላይ ስለሆነ እንደ ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል። የሚነካው ብረትም በዚያች ቅጽበት እንደ ፈሳሽ ይሆናል። ለዓይንህ እንዲታይህ ከፈለግህ በጎማ የሚወረወር ውሃ ጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ሲቆፍር አስብ፤ ጭቃውን ወደ ጎን ይገፋል፣ ውሃው ራሱ ግን እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ እየተበተነ ያልቃል። ጅረቱም እንዲሁ እየቆፈረ ያልቃል።

ርቀት ሂትን የማይነካው ለዚህ ነው። ጥይቱ በፍጥነት ቢደርስ፣ ቀስ ብሎ ቢደርስ፣ ጅረቱን የሚያመርተው ፈንጂው ነው። እዚህ አገር ስሙን የማያውቅ የሌለው አርፒጂ-7 በሰከንድ ከ300 ሜትር የማይበልጥ ፍጥነት ይዞ፣ የመጀመሪያው ተተኳሹ ወደ 260 ሚሊሜትር ብረት የሚበሳው በዚህ ስሌት ነው። ከትከሻ ላይ የሚተኮስ መሣሪያ በሳቦት መንገድ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ግፊቱ ተኳሹን ይዞት ይሄድ ነበር።

አሁን ወደ ሁለቱ ቁጥሮች እንምጣ። ጅረቱ ብረቱን በሚመታበት ነጥብ ላይ ያለው ግፊት ከብረቱ ጥንካሬ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ብረቱ ጠንካራ ይሁን ለስላሳ ለጅረቱ ራስ ብዙም ለውጥ የለውም። የሚቆጠረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የጅረቱ ርዝመትና የሁለቱ ነገሮች እፍጋት። ቀመሩም አጭር ነው፦

P = L × √(ρ1 / ρ2)

P የጉድጓዱ ጥልቀት፣ L የጅረቱ ርዝመት፣ ρ1 የጅረቱ እፍጋት፣ ρ2 የዒላማው እፍጋት ነው። ፍጥነት ቀመሩ ውስጥ እንደሌለ አስተውል። ካሬ ሥሩን ደግሞ አትርሳው፤ ቆይተን እንፈልገዋለን።

ሳቦት በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ሲመታ ግን ገና እዚህ ደረጃ አልደረሰም። ዘንጉ የሚፈጥረው ግፊትና ብረቱ የሚመልሰው መቋቋም ተቀራራቢ ናቸው። ስለዚህ የብረቱ ጥንካሬ እዚህ ሙሉ ዋጋ አለው፣ የዘንጉ ፍጥነትም እንዲሁ። ለሳቦት ጠንካራ ብረት ከለስላሳ ብረት ይበልጣል፤ ለሂት ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ይህን ራስህ የጠየቅኸው ታንክ ላይ እንሞክረው። የመጀመሪያው ቲ-72፣ ኡራል የሚባለው፣ የላይኛው የፊት ሽፋኑ ሦስት ንብርብር ነው፦ ከውጭ 80 ሚሊሜትር ብረት፣ መሀል 105 ሚሊሜትር ቴክስቶላይት፣ ከውስጥ 20 ሚሊሜትር ብረት። ቴክስቶላይት የመስታወት ክር በሙጫ ተጠቅጥቆ የሚሠራ ንጣፍ ነው፤ ከብረት በጣም ይቀላል። ድምሩ 205 ሚሊሜትር ነው። ሽፋኑ ግን ከቀጥታው 68 ዲግሪ ወደ ኋላ ተጋድሟል፤ ስለዚህ ከፊት በአግድም የሚመጣ ጥይት ሰያፍ አድርጎ ነው የሚያቋርጠው። 205ን ለ68 ዲግሪ ኮሳይን ስታካፍል 547 ሚሊሜትር ታገኛለህ። ከዚህ ውስጥ 267ቱ ብረት፣ 280ው ቴክስቶላይት ነው።

ለጅረቱ እናስላ። የቴክስቶላይት እፍጋት በሴንቲ ሜትር ኩብ 1.85 ግራም አካባቢ ነው፣ የብረት 7.85። 1.85ን ለ7.85 አካፍለህ ካሬ ሥሩን ስታወጣ 0.485 ይሆናል። 280 ሚሊሜትር ቴክስቶላይት ለጅረቱ እንደ 136 ሚሊሜትር ብረት ነው ማለት ነው። ከ267ቱ ጋር ስትደምረው 403 ይመጣል። ጌሞችም ሆኑ ስለ ታንክ የሚጽፉ ሰዎች ለዚህ ሽፋን የሚሰጡት የCE ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከዚህ ከፍ ይላል። ምክንያቱም ቀመሩ ጅረቱ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚደርስበትን መናወጥ አይቆጥርም።

የነገሩ ቁልፍ ግን ክብደቱ ላይ ነው። ያ 280 ሚሊሜትር ቴክስቶላይት የሚመዝነው 66 ሚሊሜትር ብረት ያህል ብቻ ነው። የ66 ሚሊሜትር ክብደት ተሸክመህ የ136 ሚሊሜትር ጥበቃ አገኘህ። ካሬ ሥሩን አትርሳ ያልሁህ ለዚህ ነው፤ ለጅረት ቀላልና ወፍራም ነገር ከክብደቱ በላይ ያስቆማል። የሶቪየት መሐንዲሶች ቴክስቶላይቱን መሀል ላይ ያስገቡት ይህን ስሌት አስበው ነው።

ለሳቦት ይህ ትርፍ የለም። ቴክስቶላይት ለስላሳ ነው፤ ዘንጉን የሚበላለት ጥንካሬ የለውም። ዋናውን ሸክም የሚሸከሙት ሁለቱ የብረት ንብርብሮች ናቸው፣ ቴክስቶላይቱ የሚጨምረው ከ136 በግልጽ ያነሰ ነው። ስለዚህ የKE ቁጥሩ ከCE ወርዶ ታየዋለህ። ብረቱ አንድ ነው፤ ሚዛኑ ነው ሁለት የሆነው።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር እንዳይመስልህ። እስራኤል ለ105 ሚሊሜትር መድፎቿ የሠራችው ኤም111 የሚባል የሳቦት ጥይት ነበራት፤ በ1982 የሊባኖስ ጦርነት ጊዜ በእጇ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥይቱ ሶቪየቶች እጅ ገብቶ በራሳቸው ቲ-72 ላይ ሲሞክሩት የፊቱን ሽፋን በሳ። የሰጡት መልስ በጣም ቀላል ነበር፦ ከፊት በኩል 16 ሚሊሜትር ጠንካራ ብረት በየዱ። 16 ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል፤ በ68 ዲግሪ ግን 43 ሚሊሜትር ይሆናል። በዚያ ላይ የመረጡት ተራ ብረት ሳይሆን ጠንካራው ነበር፣ ጥንካሬ የሚሠራው ሳቦት ላይ ነውና። ጌምህ ውስጥ ቲ-72ኤ በሁለት ዓይነት ከቀረበ፣ የኋለኛው የፊት ሽፋን ላይ ተደርቦ የምታየው ሳህን ይህ ነው።

አሁን «ሁልጊዜ ሂት ብጭንስ?» ወዳልኸው። በ1960ዎቹ ብትጫወት ኖሮ እሺ እልህ ነበር። ፈረንሳዮች ኤኤምኤክስ-30ን ሲሠሩ ያሰቡት ልክ እንደ አንተ ነው። ወደ 400 ሚሊሜትር የሚበሳ የሂት ጥይት አሰናዱ፣ የታንኩን ብረት ደግሞ ቀለል አደረጉት። የጥይቱ አሠራር ራሱ ጉድ ነው፤ ጅረት እየተሽከረከረ ከተፈጠረ ስለሚበተን፣ የውስጡን ክፍል በኩሽኔታ ላይ አስቀምጠው ቀፎው ሲሽከረከር ውስጡ እንዳይሽከረከር አደረጉ። ግን ከዚያ በኋላ የታንክ ብረት ተለወጠ።

የጅረቱ ድክመት ቀጭንነቱ ነው። ቀጥ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ፣ አንዱ ቁራጭ ሌላው በከፈተው ቀዳዳ እየገባ መሄድ አለበት። ይህን ሰልፍ የሚያናጋ ነገር ሁሉ ይገድለዋል። ጌምህ ውስጥ ታንኩ ላይ ተደርድረው የምታያቸው ጡቦች ሥራቸው ይህ ነው። በእያንዳንዱ ጡብ ውስጥ በሁለት ስስ የብረት ሳህኖች መካከል የተቀመጠ ፈንጂ አለ። ጅረቱ ሲወጋው ፈንጂው ይነሳል፣ ሳህኖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይወረወራሉ። ሳህኑ በሰያፍ ስለሚንቀሳቀስ ጅረቱ በከፈተው ቀዳዳ ማለፍ አይችልም፤ ቀዳዳው ከፊቱ ይሸሻል፣ በየቅጽበቱ አዲስ ብረት ይቀርብለታል። እስራኤል ይህን በ1982 ሊባኖስ ላይ ይዛ ገባች፤ ሶቪየቶች ኮንታክት-1 ያሉትን በ1983 ታጠቁ። ጅረቱ በቀጥታ በ90 ዲግሪ ጡቡን ከመታው ግን ሳህኖቹ በመንገዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ከመሄድ በቀር አያቋርጡትም፣ ጡቡም ብዙ አይረዳም። ታንኩ ጎን ላይ የተለጠፈ ጡብ ላይ ቀጥ ብለህ ስትተኩስ ሂትህ አንዳንዴ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

ሳቦት ይህን የመሰለ ስስ ጡብ ሲያገኝ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በኪሎዎች የሚመዘን ዘንግ ጥቂት ሚሊሜትር በሆነ ሳህን አይደናገጥም። ሳቦትንም ለመጉዳት ሶቪየቶች በ1985 ቲ-80ዩ ላይ ኮንታክት-5ን አመጡ፤ የዚህኛው የፊት ሳህን ወፍራም ስለሆነ ዘንጉን በጎን ገፍቶ ያጎብጠዋል ወይም ይሰብረዋል። ስለዚህ ጡብ ባየህ ቁጥር «ሳቦት ያልፋል» አትበል፤ የትኛው ጡብ እንደሆነ እይ። ሁለት ሂት በአንድ ተተኳሽ ላይ አስቀድመው አንዱ ጡቡን እንዲያነሳ፣ ሁለተኛው እንዲበሳ የሚያደርጉ ሮኬቶችም አሉ፤ የአርፒጂ-7 ተተኳሽ የሆነው ፒጂ-7ቪአር አንዱ ነው።

ከጡብ ሌላ የምትረሳው ነገር ፍጥነት ነው። የ120 ሚሊሜትሩ ኤም830 የሂት ጥይት ከመድፍ የሚወጣው በ1,140 ሜትር በሰከንድ ነው፣ ቅርጹም አየር ስለሚይዘው ቶሎ ይቀዘቅዛል። 2 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 2 ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል፤ ለሳቦቱ 1.3 ሰከንድ ይበቃዋል። ታንኩ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን እየሮጠ ከሆነ በመጀመሪያው ጊዜ 22 ሜትር፣ በሁለተኛው 14 ሜትር ይሄዳል። ሂቱ ያው በሚበሳበት ርቀት ላይ የሚቸግርህ መምታቱ ነው። በዚያ ላይ አፍንጫው ቁጥቋጦ ወይም አጥር ቢነካ እዚያው ሊፈነዳ ይችላል፤ ሳቦት አጥሩን ሰንጥቆ ያልፋል።

ከገባ በኋላ የሚያደርሰው ጉዳትም ይለያያል፣ ግን ተጫዋቾች እንደሚያጋንኑት አይደለም። ሂት ውስጡን በእሳት አይሞላም። ዘንጉም ሆነ ጅረቱ የሚጎዳው በተረፈው ቁራጭና ከብረቱ ጀርባ ተፈንቅሎ በሚበተነው ስብርባሪ ነው። ለጥቂት የበሳ ጥይት ጉዳቱ ጠባብ ነው፤ ብዙ ተርፎት የበሳ ብዙ ይበትናል። ስስ ብረት ለበስ መኪና ላይ ግን ሳቦት ያሳዝናል፤ የሚታገለው ብረት ስለማያገኝ ሁለት ንጹሕ ቀዳዳ ትቶ በሌላው በኩል ይወጣል። እዚያ ላይ ሂት ጫን፤ ከጅረቱ ሌላ ፈንጂው ራሱ ስሱን ብረት ያፈርሰዋል።

ስለዚህ መድፍህ ውስጥ ተጭኖ የሚጠብቀው ሳቦት ይሁን። ቲ-72 ጡብ ሳይኖረው ጎኑን ከሰጠህ ወይም መኪና ከመጣ ወደ ሂት ቀይር።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ የሚያሳየው ቁጥር ታንኩ ሜዳ ላይ እንደቆመ ታስቦ የተሰላ ከሆነ አትመነው። ያ 68 ዲግሪ የሚሠራው ታንኩ ደልዳላ ቦታ ላይ ሲሆን ነው። ቲ-72ው ኮረብታ ተሻግሮ አፍንጫውን 8 ዲግሪ ወደ አንተ ሲደፋ ሽፋኑ 60 ዲግሪ ይሆናል፤ 547ቱ ወደ 410፣ ብረቱ ብቻውን ከ267 ወደ 200 ይወርዳል። 5 ዲግሪ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ያው ሽፋን 700 ይደርሳል። ስለዚህ ሽቅብ ሲወጣ አትቸኩል፤ ጫፉን አልፎ ቁልቁል እስኪደፋ ጠብቀው።